አንድ መድረሻ፣ ብዙ መስመር፦ ራውተሩ የቱን ይመርጣል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደሴ ላይ ኔትወርክ ስሠራ ከዚሁ ከወሎ ባልደረቦቼ በተደጋጋሚ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ፣ አድራሻዎቹን ግን ለማሳያ ቀይሬያቸዋለሁ።

ክላስ የለሽ ሩቲንግ ሲባል ምን ማለት ነው?

ድሮ የኔትወርኩን ስፋት የሚናገረው አድራሻው ራሱ ነበር። ክላስ ኤ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 8 ቢቶች የኔትወርኩ ናቸው፤ ክላስ ቢ ከሆነ 16፣ ክላስ ሲ ከሆነ 24። ሌላ ምርጫ አልነበረም። አንድ ሺህ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ክላስ ሲ ቢሰጠው 256 አድራሻ ብቻ ስለሚይዝ ይጠበዋል። ክላስ ቢ ቢሰጠው ደግሞ ከ65,536 አድራሻ አብዛኛው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በዚህ አሠራር ክላስ ቢ ሊያልቅ ተቃረበ፣ የራውተሮቹም ሰንጠረዥ እያበጠ ሄደ።

በ1993 የመጣው አሠራር ክላስን ተወው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የኔትወርክ አድራሻ ስፋቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል። `/20` ወይም `/26` እያልን የምንጽፈው እሱን ነው። ድንበሩ 8፣ 16 ወይም 24 ላይ መሆኑ ቀረ፤ የትኛውም ቢት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህ ነፃነት ግን አንድ አዲስ ጉዳይ ይዞ መጣ። ትልቁ ኔትወርክ ውስጥ ትንሹ፣ ትንሹ ውስጥ ደግሞ ከሱ ያነሰው ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ መድረሻ በአንድ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት መስመሮች ጋር ሊገጥም ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

`/20` የሚለው ቁጥር ለራውተሩ ምን ይነግረዋል?

"ከግራ ጀምረህ 20 ቢት አስተያይ፣ የቀረውን እርሳው" ማለት ነው። የአይፒቪ4 አድራሻ በጠቅላላ 32 ቢት ነው። 20ው ከተያዘ 12 ቢት ይቀራል፤ በ12 ቢት 4,096 አድራሻ ይወጣል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክልሉ ይጠባል። `/26` 64 አድራሻ ነው፣ `/32` አንድ አድራሻ ብቻ። `/0` ደግሞ ምንም ቢት ስለማያስተያይ ዓለሙን ሁሉ ይይዛል።

ለምሳሌ `10.40.16.0/20` ሦስተኛው ቁጥር ላይ ከ16 እስከ 31 ያለውን ይይዛል። `10.40.30.9` ውስጥ ነው፣ `10.40.33.9` ውጭ ነው። ይህን በዓይን ለማየት አስቸጋሪ የሚሆነው ድንበሩ ቁጥሩን መሐል ለመሐል ስለሚቆርጠው ነው። 20 ቢት ማለት ሁለቱ ሙሉ ቁጥሮችና ከሦስተኛው አራት ቢት ነው። 30 በቢት `00011110` ነው፣ 16 `00010000`። የመጀመሪያዎቹ አራት ቢቶች `0001` ስለሆኑ ይገጥማሉ። 33 ግን `00100001` ነው፤ በ`0010` ይጀምራል፣ አይገጥምም።

ከአንድ በላይ መስመር ሲገጥም ራውተሩ የቱን ይመርጣል?

ከሚገጥሙት ውስጥ ረጅሙን ፕሪፊክስ፣ ማለትም ከ`/` በኋላ ያለው ቁጥር ትልቁ የሆነውን። ሌላ የሚመዝነው ነገር የለም። ደሴ ላይ ያለውን ዋና ራውተር እንውሰድ። ቅርንጫፎቹ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ ናቸው። ሰንጠረዡ አጥሮ ይህን ይመስላል፦

```
0.0.0.0/0        via 192.168.100.2
10.40.0.0/16     via 192.168.100.6
10.40.16.0/20    via 192.168.100.10
10.40.21.0/24    via 192.168.100.14
10.40.21.64/26   via 192.168.100.10
```

የመጀመሪያው ወደ ኢንተርኔት ነው። ሁለተኛው ወደ ወልዲያ፣ ሦስተኛው ወደ ኮምቦልቻ፣ አራተኛው ደሴን ከከሚሴ በቀጥታ በሚያገናኘው መስመር ወደ ከሚሴ። አምስተኛው ግን ከከሚሴው ክልል ላይ ተቆርሶ ወደ ኮምቦልቻ ይልካል። ምክንያቱ ይህ ነው። የከሚሴው ቢሮ ጣሪያ ሲጠገን የሒሳብ ክፍሉ 12 ኮምፒውተሮች ለጊዜው ኮምቦልቻ ተቀመጡ። አድራሻቸው ሒሳብ ሶፍትዌሩ ላይ ስለተመዘገበ መቀየር አልተፈለገም፣ እንዳለ ይዘውት ሄዱ።

አሁን ወደ `10.40.21.70` የሚሄድ ፓኬት መጣ እንበል። `/0` ሁሉንም ስለሚይዝ ይገጥማል። `/16` ይገጥማል፣ በ10.40 ይጀምራልና። `/20` ይገጥማል፣ 21 ከ16 እስከ 31 ውስጥ ነው። `/24` ይገጥማል። `/26` የሚይዘው የመጨረሻውን ቁጥር ከ64 እስከ 127 ነው፤ 70 እዚያ ውስጥ ስላለ እሱም ይገጥማል። አምስቱም ገጠሙ። ረጅሙ `/26` ነው፣ ፓኬቱ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል።

መድረሻው `10.40.21.130` ቢሆን ኖሮ `/26` ይወድቃል፤ ረጅሙ `/24` ሆኖ ወደ ከሚሴ ይሄድ ነበር። `10.40.30.9` በ`/20` ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። `10.40.33.9` በ`/16` ወደ ወልዲያ። `8.8.8.8` ከ`/0` በቀር የሚገጥመው ስለሌለ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል። ዲፎልት ሩት የምንለው ይኸው `/0` መጨረሻ ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የተለየ ሕግ ስለተበጀለት ሳይሆን ርዝመቱ ዜሮ ስለሆነ ማንንም አያሸንፍም።

ሰንጠረዡ ላይ ቀድሞ የተጻፈው መስመር ቅድሚያ አለው?

የለውም። ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ፋየርዎል የሠሩ ልጆች ናቸው። ፋየርዎል ከላይ ወደ ታች ያነብባል፣ መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል። ስለዚህ እዚያ ቅደም ተከተል ሁሉ ነገር ነው። የሩቲንግ ሰንጠረዥ ግን እንዲህ አይደለም። `/26`ን ከላይም ጻፈው ከታችም፣ ውጤቱ አንድ ነው። መስመሮቹን አጥፍቶ በሌላ ቅደም ተከተል መልሶ መጻፍ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ሜትሪኩ ወይም ዲስታንሱ ትንሽ የሆነው መስመር አያሸንፍም እንዴ?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው። ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች አሉ፣ የሚደረጉትም በተለያየ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሰንጠረዡ ሲሞላ ነው። ራውተሩ ስለ `10.40.21.0/24` ከሁለት ቦታ ሰማ እንበል፤ አንዱ በእጅ የተጻፈ ስታቲክ፣ ሌላው ራውተሮች መስመር በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ በኦኤስፒኤፍ፣ የመጣ። ፕሪፊክሱ ፍጹም አንድ ነው። ያኔ ከምንጩ የቱን ልመን ብሎ አድሚኒስትራቲቭ ዲስታንሱን ያያል። በሲስኮ ስታቲክ 1 ነው፣ ኦኤስፒኤፍ 110። ትንሹ ያሸንፋል፣ ስታቲኩ ሰንጠረዡ ላይ ይገባል። ሁለቱም ከኦኤስፒኤፍ ቢመጡ ደግሞ ሜትሪካቸው፣ ማለትም የመንገዱ ዋጋ፣ ይታያል።

ሁለተኛው ውሳኔ ፓኬት ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ዲስታንስም ሜትሪክም የለም። ሰንጠረዡ ላይ ከገቡት መካከል የሚታየው ርዝመት ብቻ ነው። `/24` እና `/26` የተለያዩ ፕሪፊክሶች ስለሆኑ በመጀመሪያው ውሳኔ ላይ አይገናኙም። ሁለቱም ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ዲስታንሱ 250 የሆነ `/26` ዲስታንሱ 1 የሆነውን `/24` ይበልጠዋል።

ፕሪፊክሱም፣ ዲስታንሱም፣ ሜትሪኩም እኩል ከሆነስ? ሁለቱም ይገባሉ፣ ጭነቱም ይከፈላል። ብዙ ጊዜ አንድ ግንኙነት በአንድ መስመር ላይ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚከፈለው፤ ፓኬቶቹ ተቀዳድመው እንዳይደርሱ።

ከሚሴ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ጥቂት ኮምፒውተሮች ብቻ ግን ከደሴ አይገኙም። ምን ሊሆን ይችላል?

የኔ የመጀመሪያ ጥርጣሬ ሁልጊዜ የተረሳ ረጅም ፕሪፊክስ ነው። ይህን የተማርኩት ከዚሁ ከሒሳብ ክፍሉ ጉዳይ ነው። ጣሪያው ተጠግኖ አለቀና 12ቱ ኮምፒውተሮች ወደ ከሚሴ ተመለሱ። ደሴ ላይ የጻፍነው `/26` ግን አልተነሳም። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። `10.40.21.20` ይመልሳል፣ `10.40.21.130` ይመልሳል፣ `10.40.21.70` ጭጭ። መጀመሪያ ገመድ ተጠረጠረ። ቀጥሎ አንቲቫይረስ። ከዚያ ፋየርዎል። ግማሽ ቀን እንዲህ ሄደ። ትሬስራውት ሲደረግ ግን ነገሩ ወለል ብሎ ታየ፦

```
 1  10.40.1.1
 2  192.168.100.10
 3  192.168.100.9
 4  192.168.100.10
 5  192.168.100.9
```

`.10` የኮምቦልቻው ራውተር ነው፣ `.9` በዚያው መስመር ላይ ያለው የደሴ ጫፍ። ደሴ በ`/26` ምክንያት ፓኬቱን ወደ ኮምቦልቻ ይልካል። ኮምቦልቻ ላይ ኮምፒውተሮቹ ሲነሱ የነሱ ኔትወርክም ተነስቷል፤ ስለዚህ በዲፎልት ሩቱ መልሶ ወደ ደሴ ይልከዋል። ደሴ እንደገና ወደ ኮምቦልቻ። ፓኬቱ ሐረጎን ሲወርድ ሲወጣ እንደሚውል መኪና ሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለሳል። የሚያቆመው ቲቲኤሉ ነው፤ ራውተር ባለፈ ቁጥር በአንድ ይቀንስና ዜሮ ሲሆን ይጣላል። ዊንዶውስ ከ128 ይጀምራል። ስለዚህ አንዲት ፒንግ ያንን መስመር ከመቶ ጊዜ በላይ ታቋርጠዋለች። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ሌላው ሰው ሁሉ "ኔትወርኩ ዘገየ" ማለት ይጀምራል፣ ምንጩም ግራ ያጋባል።

እዚያ መሐል ኮምቦልቻ ያለው ባልደረባዬ ደወለ። "ወንድም ዓለም፣ የስታቲኩን ዲስታንስ 250 አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልተለወጠም" አለኝ። አለመለወጡ ትክክል ነበር። ዲስታንሱ 250 የሆነው `/26` የሚወዳደረው ከሌላ `10.40.21.64/26` ጋር ብቻ ነው። ሌላ የለም። ብቻውን ሮጦ አንደኛ ይወጣል። መድኃኒቱ መስመሩን ማንሳት ብቻ ነበር፦

```
no ip route 10.40.21.64 255.255.255.192 192.168.100.10
```

ምልክቱን ልብ በሉ። የማይሠሩት አድራሻዎች በአንድ ክልል ውስጥ የታጨቁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁሉም ከ64 እስከ 127፣ ወይም ሁሉም ከ128 በላይ፣ ገመድ እንዲህ አይመርጥም። በቢት ድንበር ላይ የሚቆም ችግር የማስክ ወይም የፕሪፊክስ ችግር ነው። እንዲህ ሲያጋጥመኝ አሁን የማይሠሩትን አድራሻዎች ወረቀት ላይ እጽፋቸዋለሁ። የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ ሲታይ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ረጅሙ መስመር ቢሞት ራውተሩ ወደሚቀጥለው ይሻገራል?

ከሰንጠረዡ ከወጣ አዎ። ካልወጣ አይሻገርም። ራውተሩ ፓኬቱን ሞክሮ፣ አልደረሰም ብሎ፣ ሁለተኛውን አይሞክርም። ረጅሙን ይመርጣል፣ ይልካል፣ በቃ። ያ መስመር ደህና ይሁን አይሁን ርዝመቱ አይነግረውም። ጠባብ ክልል ማለት ጥሩ መንገድ ማለት አይደለም።

ታዲያ ስታቲክ ሩት መቼ ይወጣል? የራውተሩ የራሱ ኢንተርፌስ ሲወድቅ። ችግሩ፣ በራውተሩና በሩቁ ጫፍ መካከል ብዙ ጊዜ ስዊች ወይም የሬዲዮ መሣሪያ አለ። ከሚሴ ላይ መብራት ቢጠፋ ደሴ ያለው ገመድ አሁንም ከስዊቹ ጋር ነው፤ መብራቷ አረንጓዴ ናት፣ ኢንተርፌሱ በሕይወት አለ። `/24`ም ሰንጠረዡ ላይ ይቆያል። ፓኬቶቹ ወደ ባዶ ይሄዳሉ፣ ከሥሩ ያለው `/20` ቢኖርም አይነካም። በኦኤስፒኤፍ ቢሆን ጎረቤቱ ዝም ሲል ይታወቃል። በተለመደው አሠራሩ ሰላምታ በየ10 ሰከንዱ ይላካል፣ ለ40 ሰከንድ ካልተሰማ ጎረቤቱ እንደሞተ ተቆጥሮ መስመሩ ይነሳል። ስታቲክ ላይ መቆየት ግድ ከሆነ ደግሞ የሩቁን ጫፍ በየጊዜው ፒንግ እያደረገ መስመሩን የሚያነሳ ክትትል መጨመር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። `/24` ተነስቶ ፓኬቱ ወደ `/20` ቢወርድም ሥራው አላለቀም። `/20` ወደ ኮምቦልቻ ይወስደዋል። ኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የምትወስድ የራሷ መስመር ከሌላት ያ የምናውቀው ምልልስ እንደገና ይጀምራል።

ማንም ያልያዘው አድራሻ ላይ ፒንግ ሳደርግ ለምን ይመላለሳል? "አልተገኘም" ብሎ ለምን አይቆምም?

ይህ የማጠቃለያ መስመር ጣጣ ነው። ኮምቦልቻን በ`10.40.16.0/20` ጠቅልለን ስናስተዋውቅ 16 ኔትወርኮች ሰጠናት ማለት ነው። በተግባር ግን እዚያ ያሉት 16፣ 17 እና 18 ብቻ ናቸው። አንድ ሰው፣ ወይም አንድ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር፣ ወደ `10.40.27.5` ሲልክ ደሴ በ`/20` ወደ ኮምቦልቻ ትሰጠዋለች። ኮምቦልቻ 27ን አታውቅም፤ የሚገጥማት ዲፎልት ሩቱ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ደሴ ይመልሳል። ቲቲኤሉ እስኪያልቅ ይዞራል።

መፍትሔው ኮምቦልቻ ላይ ያንኑ `/20` ወደ ጉድጓድ የሚጥል መስመር መጻፍ ነው። በሲስኮ የመጀመሪያው፣ በሊኑክስ ሁለተኛው፦

```
ip route 10.40.16.0 255.255.240.0 Null0
ip route add blackhole 10.40.16.0/20
```

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። "ኮምቦልቻን በሙሉ ልንጥላት ነው?" ይላል። አንጥላትም፣ የሚያድነንም ረጅሙ ፕሪፊክስ ነው። 16፣ 17 እና 18 በ`/24` ስላሉ ከ`/20` ይረዝማሉ፤ የነሱ ፓኬት ጉድጓዱን አያየውም። ጉድጓዱ የሚቀበለው ከነዚያ የተረፈውን ብቻ ነው። ዲፎልት ሩቱንም ይቀድመዋል፣ `/20` ከ`/0` ይረዝማልና። ምልልሱ እዚያው ይቆማል።

አንድ ወጥመድ አለ። የከሚሴ `10.40.21.0/24` በቁጥር ሲታይ የኮምቦልቻው `/20` ውስጥ ነው ያለው። እስከ አሁን የኮምቦልቻ ሠራተኞች ከሚሴን የሚያገኙት በዲፎልት ሩቱ በደሴ በኩል ነበር። ጉድጓዱን ስንጽፍ ያ መንገድ ይዘጋል፤ `/20` ዲፎልቱን ስለሚበልጥ የከሚሴ ፓኬትም ጉድጓድ ይገባል። ስለዚህ ከጉድጓዱ በፊት ይህ መጻፍ አለበት፦

```
ip route 10.40.21.0 255.255.255.0 192.168.100.9
```

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ የሚጠቅመው ለሰንጠረዡ ሳይሆን ለሰዎቹ ነው። ጉድጓዱን አስቀድመህ ከጻፍክ በመሐል ያሉት ደቂቃዎች ከሚሴ ከኮምቦልቻ ትቆረጣለች። በተረፈ፣ ምርጫ ካለ ከመነሻው የአንድን ቅርንጫፍ ቁጥር ሌላው ቅርንጫፍ ክልል ውስጥ አለመሰካት ነው። ከሚሴን ለምሳሌ ከ32 እስከ 47 ባለው ክልል ብናስቀምጣት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቪፒኤን ስከፍት ዲፎልት ሩቴ እንዳለ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር በቪፒኤኑ ይሄዳል። እንዴት?

አንዳንድ ቪፒኤኖች ዲፎልቱን አይነኩትም። ኦፕንቪፒኤን ላይ በብዛት የሚታየው እነዚህን ሁለት መስመሮች መጨመር ነው፦ `0.0.0.0/1` እና `128.0.0.0/1`። አንዱ የአድራሻውን ዓለም የመጀመሪያ ግማሽ ይይዛል፣ ሌላው ሁለተኛውን። ሁለቱ ሲደመሩ ሁሉንም ይሸፍናሉ። ርዝመታቸው 1 ስለሆነ 0 የሆነውን ዲፎልት ይበልጡታል። ቪፒኤኑ ሲዘጋ ሁለቱ ይነሳሉ፣ የቀድሞው ዲፎልት ምንም ሳይነካ ሥራውን ይቀጥላል። በጣም የምወደው ብልሃት ነው።

ሰንጠረዡን ካያችሁ አንድ `/32` ደግሞ ታገኛላችሁ። የቪፒኤኑ ሰርቨር አድራሻ ነው፣ በድሮው ጌትዌይ በኩል የሚወጣ። እሱ ባይኖር ቪፒኤኑ የሚልካቸው የራሱ ፓኬቶች ተመልሰው ቪፒኤኑ ውስጥ ይገቡና መስመሩ ራሱን ያንቃል። የቤታችሁ ፕሪንተር ቪፒኤኑ እያለም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ የቤቱ ኔትወርክ `/24` ስለሆነ ከ`/1` ይረዝማል።

ራውተሩ በእርግጥ የቱን እንደመረጠ በምን አረጋግጣለሁ?

ሰንጠረዡን በዓይን እያነበባችሁ አትገምቱ። መሣሪያውን ራሱን ጠይቁት፦

```
ip route get 10.40.21.70
show ip route 10.40.21.70
show ip cef 10.40.21.70
```

የመጀመሪያው ለሊኑክስ ነው። ፓኬት ሳይልክ፣ ቢልክ በየት እንደሚወጣ ይነግራችኋል። ሁለቱ ለሲስኮ ናቸው። ከኋላው አድራሻ የሌለውን `show ip route` ብቻ ጽፎ ሁለት መቶ መስመር ማሰስ ዓይን ያደክማል፣ `/26`ንም ዓይን ይዘለዋል።

`show ip route` ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። መድረሻው ከዲፎልት ሩት በቀር የሚገጥመው ከሌለ `% Network not in table` ሊላችሁ ይችላል። ይህ ማለት ፓኬቱ ይጣላል ማለት አይደለም። በዲፎልት ይወጣል። እውነቱን `show ip cef` ያሳያችኋል፤ እዚያ `0.0.0.0/0` ብሎ ይጽፈዋል። በጣም አሮጌ ራውተር ላይ ግን ፓኬቱ በእርግጥ የሚጣልበት ሁኔታ አለ። `no ip classless` የሚል ከተጻፈበት ራውተሩ በድሮው የክላስ ሕግ ያስባል። የ10ን አንዳንድ ሰብኔቶች የሚያውቅ ከሆነ የማያውቀውን የ10 ሰብኔት ዲፎልት ሩት እያለ ይጥለዋል። ከመጋዘን የወጣ መሣሪያ ላይ ኢንተርኔት እየሠራ የውስጥ ቅርንጫፍ ብቻ እምቢ ካለ ይህን መስመር ፈልጉ።

ሌላ ሰው የእኔን ክልል አጥብቦ ቢያስተዋውቅ ትራፊኬን ይወስደዋል?

ይወስደዋል፣ ተደርጎም ያውቃል። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ዩቲዩብ አድራሻዎቹን `208.65.152.0/22` ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ ሊዘጋ ብሎ `208.65.153.0/24` የሚል መስመር አወጣ። መስመሩ በላይኛው አገልግሎት ሰጪ በኩል ወደ ዓለም ሾለከ። `/24` ከ`/22` ስለሚረዝም የተቀበሉት ራውተሮች ሁሉ የዩቲዩብን ፓኬት ወደ ፓኪስታን ላኩ። ርቀትም የባለቤትነት ጥያቄም አልተነሳም።

ዩቲዩብ መጀመሪያ ያንኑ `/24` ራሱ አስተዋወቀ። ያኔ ርዝመቱ እኩል ሆነና ራውተሮቹ የኢንተርኔት ኔትወርኮች መስመር በሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል፣ በቢጂፒ፣ ሌሎች መመዘኛዎች መምረጥ ጀመሩ፤ አንዳንዱ ወደ ዩቲዩብ ተመለሰ፣ አንዳንዱ እዚያው ቀረ። ቀጥሎ `/24`ን ለሁለት ከፍሎ ሁለት `/25` አወጣ። እነሱ ይረዝማሉ፣ በደረሱበት ሁሉ አሸነፉ። ግን በየቦታው አይደርሱም። ብዙ ኔትወርኮች ከ`/24` የረዘመ ማስታወቂያ ከውጭ አይቀበሉም፤ ሁሉም ክልሉን እየቆራረጠ ቢያስተዋውቅ ሰንጠረዡ አይቻልምና። ነገሩ የተቋጨው የላይኛው አገልግሎት ሰጪ የፓኪስታኑን መስመር ሲያነሳ ነው፣ ከጀመረ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ካለፈ በኋላ።